የሟች ንብረት በሸሪዓ እንዴት ይከፋፈላል? የአንድ ቤተሰብ ሒሳብ ከመነሻው እስከ መጨረሻው

ደሴ ከተማ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ይተዳደሩ የነበሩ አንድ አባት አረፉ እንበል። ሚስታቸው፣ እናታቸው፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆቻቸው፣ እንዲሁም በእናትም በአባትም የሚገናኙት አንድ ወንድማቸው በሕይወት አሉ። አባታቸው ቀድመዋቸው ሞተዋል። ሌላም ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ እሱ ከእሳቸው በፊት ሞቶ ሁለት ልጆች ትቷል። በሕይወት ካሉት ወንዶች ታላቁ ጅዳ ይሠራል፣ ታናሹ ገና የ12 ዓመት ልጅ ነው። ሴቶቹ ሦስቱም ለአካለ መጠን ደርሰዋል።

ቤተሰቡን ለምሳሌ ያህል ያሰብኩት ነው፤ አወቃቀሩ ግን በየሰፈሩ አለ። የመረጥኩትም በሚራስ ሒሳብ ውስጥ የሚነሱት ዋና ዋና ጉዳዮች ሁሉ ስላሉበት ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ ቸኩሎ የሚጠይቀው “ለሚስት ስንት ይደርሳታል? ለልጆችስ?” ብሎ ነው። የድርሻው ስሌት ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው፤ መደመርና ማካፈል የሚያውቅ ሰው በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ቤተሰብ የሚቃቃረው ከስሌቱ በፊት በሚመጣው፣ ማለትም “ውርሱ የቱ ነው? ወራሹስ ማነው?” በሚለው ላይ ነው። ከስሌቱ በኋላ ደግሞ በመዘግየቱ። ስለዚህ በቅደም ተከተሉ እንሂድ።

የሟቹ ንብረት የቱ ነው?

ቤተሰቡ ተቀምጦ የተገኘውን ሁሉ መዘገበ። መኖሪያ ቤቱ በ2,800,000 ብር ተገመተ። ሱቁ ውስጥ ያለው ዕቃ 1,050,000 ብር ያወጣል። ባንክ 500,000 ብር አለ። ደንበኞች በዱቤ ወስደው ያልከፈሉት ደግሞ 150,000 ብር ነው። ድምሩ 4,500,000 ብር ይሆናል።

ይህ ገና ተሪካ፣ ማለትም ሟቹ የተዉት ንብረት አይደለም። ሱቁ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል የ300,000 ብር ሻሽና ጥልፍ ሚስታቸው በራሳቸው ገንዘብ ያመጡት፣ ለብቻቸውም የሚሸጡት ነው። በሸሪዓ ጋብቻ የባልና የሚስትን ንብረት አይቀላቅልም፤ የእሷ የእሷ፣ የእሱ የእሱ ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ይህ 300,000 ብር መጀመሪያ ይወጣል። የሚወጣውም የሚስት የውርስ ድርሻ ተብሎ አይደለም፤ ቀድሞውንም የሟቹ ስላልነበረ ነው። የውርስ ድርሻቸውን ገና ከቀሪው ያገኛሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሚስቶች ይጎዳሉ። ሠላሳ ዓመት አብራ ስትነግድ የኖረች ሴት፣ ባሏ ሲሞት ንብረቱ ሁሉ በእሱ ስም ስለሆነ ብቻ “ያንቺ ስምንተኛው ነው” ትባላለች። ይህ ስህተት ነው። በሥራዋና በገንዘቧ የገባ ድርሻ ካላት እሱ መጀመሪያ ተለይቶ መውጣት አለበት። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በጋብቻ ዘመን የተፈራውን ሀብት በመሠረቱ የጋራ አድርጎ ስለሚያየው ጉዳዩን በሌላ መንገድ ይፈታዋል። በፊቅህ መንገድ የሚሄድ ቤተሰብ ግን ማን ምን እንዳስገባ በማስረጃና በምስክር ማጣራት ግድ ይለዋል። የሁለቱ ገንዘብ ተቀላቅሎ መለየት ካልተቻለ ደግሞ ቃዲው ፊት በሱልህ፣ ማለትም በስምምነት ይወሰናል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከጅዳው ልጅ ይመጣል። የቤቱን ጣሪያና አጥር ያሠራው እሱ በላከው ገንዘብ ነው። ገንዘቡን ለአባቱ የላከው በስጦታ ከሆነ የአባቱ ሆኗል፤ አባቱ ሲሞቱም ከተሪካው ጋር ይከፋፈላል። አበድሬያቸው ነው ወይም ቤቱ ላይ ድርሻ አለኝ የሚል ከሆነ ማስረጃ ማቅረብ ይኖርበታል። በምሳሌያችን ልጁ “ለአባቴ እርዳታ ብዬ ነው የላክሁት” ብሏልና ቤቱ ሙሉ በሙሉ የሟቹ ነው። ዓረብ ሀገር ሆነው ለወላጆቻቸው ቤት የሚያሠሩ ልጆች የገንዘቡን ዓላማ ወላጁ በሕይወት እያለ በጽሑፍ ቢያስቀምጡት ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር።

ዕድር ለቤተሰቡ የሚሰጠው ገንዘብ የሟቹ ሀብት አይደለም፤ የሚከፈለው በዕድሩ ደንብ መሠረት ነው። የገጠር መሬትም ቢሆን ሊሸጥ የማይችል የይዞታ መብት በመሆኑ የሚተላለፍበት የራሱ የመሬት ሕግ አለ፤ ከቤትና ከሸቀጥ ጋር አብሮ በዋጋ አይተመንም።

የሚስት ዕቃ ሲወጣ የቀረው 4,200,000 ብር ነው። ተሪካው ይሄ ነው።

ከክፍፍሉ በፊት የሚወጣው፦ ቀብር፣ ዕዳ፣ ወሲያ

ለከፈንና ለቀብር 30,000 ብር ወጣ። ይህ በልክ የተደረገ የጀናዛ ወጪ ስለሆነ ከተሪካው ይከፈላል። ለሐዘንተኛ የሚደገሰው ምግብና በሟች ስም የሚወጣው ሰደቃ ግን እዚህ አይገባም። አዋቂ ወራሾች ከፈለጉ ከየድርሻቸው ያዋጣሉ፤ የ12 ዓመቱን ልጅ ድርሻ ነክቶ መደገስ አይቻልም። በልማድ በጣም የሚዘነጋው ይሄ ነው።

ቀጥሎ ዕዳ ነው። ሟቹ ለጅምላ ነጋዴ 210,000 ብር አለባቸው። ለሚስታቸው ደግሞ በኒካህ ጊዜ “በኋላ እከፍላለሁ” ብለው ያቆዩት 60,000 ብር መህር አለ። ያልተከፈለ መህር እንደ ማንኛውም ዕዳ ዕዳ ነው። ሚስት በዚህ በኩል አበዳሪ ናት፤ ወራሽነቷ ሌላ ነው። በአንዱ ሌላውን ማጣፋት አይቻልም። ያልተከፈለ ዘካ ወይም ያልተፈጸመ ሐጅ ካለ መዝሀቦቹ ይለያያሉ፦ ሻፊዒዮች ሟቹ ባይናዘዝም ከተሪካው ይወጣል ይላሉ፤ ሐነፊዮች ግን ሟቹ ከተናዘዘበት ብቻ፣ ያውም ከሲሶው ውስጥ ይወጣል ይላሉ። ሁለቱም መዝሀቦች በሀገራችን ስላሉ የአካባቢያችሁን ዐሊም ጠይቁ።

የቀብሩና የዕዳው ድምር 300,000 ብር ነው። 3,900,000 ብር ቀረ።

ሦስተኛው ወሲያ ነው። ሟቹ በሁለት ምስክሮች ፊት “ቀድሞኝ ለሞተው ልጄ ልጆች 540,000 ብር ስጡልኝ” ብለው ተናዝዘዋል። ለመፈጸም ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ወሲያው ዕዳ ከወጣ በኋላ ከቀረው ሲሶ አይበልጥም። የ3,900,000 ሲሶው 1,300,000 ስለሆነ 540,000 በደንብ ይገባል። ልኩ የመጣው ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ታመው ሳሉ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በጠየቁበት ሐዲስ ነው፤ መልሱ “ሲሶ፤ ሲሶም ብዙ ነው” የሚል ነበር። ሁለተኛ፣ ወሲያ ለወራሽ አይደረግም። አባት ከድርሻው በላይ ለአንዱ ልጅ ቢናዘዝ፣ እሱ ከሞተ በኋላ ሌሎቹ ወራሾች ካልፈቀዱ አይጸናም። የልጅ ልጆቹ ግን በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ወራሾች አይደሉም፤ ለምን እንዳልሆኑ ወረድ ብለን እናያለን። ስለዚህ ወሲያው ትክክል ነው።

540,000 ሲቀነስ የሚከፋፈለው 3,360,000 ብር ሆነ።

ማን ይወርሳል፣ ማን ይታገዳል?

የድርሻዎቹ መሠረት በሱረቱ ኒሳእ ውስጥ ያሉ ሦስት አንቀጾች ናቸው፦ 11፣ 12 እና 176። አንቀጽ 11 የልጆችንና የወላጆችን፣ አንቀጽ 12 የባልና የሚስትን እንዲሁም በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድሞችና እህቶችን፣ 176 ደግሞ የቀሩትን ወንድሞችና እህቶች ድርሻ ይናገራሉ።

ወራሾችን ስትለዩ በሁለት መደብ አስቡ። የመጀመሪያዎቹ ድርሻቸው በቁጥር የተወሰነላቸው ባለ ፈርድ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ዐሰባ ይባላሉ፤ ባለ ፈርዶቹ ድርሻቸውን ወስደው የተረፈውን የሚወስዱ ናቸው። ዐሰባ ብዙ ጊዜ በወንድ መስመር የሚገናኝ ዘመድ ነው፤ ከሁሉም ቅርቡ የሟቹ ወንድ ልጅ ነው።

ሚስት ሟቹ ልጅ ስላላቸው አንድ ስምንተኛ (1/8) ታገኛለች። ልጅ ባይኖር ሩብ ነበር። ሟቹ ሁለት ወይም ሦስት ሚስቶች ቢኖሯቸው ይህችኑ አንድ ስምንተኛ እኩል ይካፈሏታል እንጂ እያንዳንዳቸው ስምንተኛ አይወስዱም።

እናት ልጆች ስላሉ አንድ ስድስተኛ (1/6) ታገኛለች።

ልጆቹ ወንድም ሴትም ስላሉበት ሁሉም አንድ ላይ ዐሰባ ይሆናሉ፤ የተረፈውን ለወንዱ የሁለት ሴት ድርሻ በሆነ ስሌት ይካፈላሉ። ልብ በሉ፣ ይህ ስሌት የሚሠራው በልጆቹ መካከል ነው። “በእስልምና ወንድ ሁልጊዜ የሴት እጥፍ ይወርሳል” የሚለው አባባል አጠቃላይ ሕግ አይደለም። ለምሳሌ ሟች ልጅ ሲኖረው የእናት ድርሻ ስድስተኛ ነው፤ አባትም በሕይወት ካለና ወንድ ልጅ ካለ የእሱም ድርሻ ያው ስድስተኛ ነው።

የሟቹ ወንድም ምንም አያገኝም። ወንድ ልጅ ባለበት ወንድም ይታገዳል፤ ይህ ሐጅብ ይባላል። የልጅ ልጆቹም እንደዚሁ ናቸው፦ አባታቸው ሞቷልና እሱን ተክተው ይወርሳሉ የሚል ግምት አለ፣ ነገር ግን በአራቱም መዝሀቦች ቅርቡ ወንድ ልጅ የሩቁን ያግዳል። አጎቶቻቸው በሕይወት ስላሉ በፈርድም በዐሰባም አይገቡም። ለዚህ ነው የአያትየው ወሲያ የሚያስፈልገው። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጣችው የወሲያ ሕግ አያት ባይናዘዝም እንደነዚህ ላሉ የሙት ልጆች እስከ ሲሶ የሚደርስ “ግዴታ ወሲያ” እንዲወጣ ደንግጋለች፤ በነባሩ ፊቅህ ግን ነገሩ በሟቹ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ልጁ የሞተበት አያት ካላችሁ ይህን ንገሩት።

ከዝምድና ውጭ የሚያግድም አለ። ሟቹን የገደለ አይወርስም። በሙስሊምና ሙስሊም ባልሆነ መካከልም ውርስ የለም። እንደ ወሎ ባለ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን በሚኖርበት አገር ይህ ወረቀት ላይ ብቻ ያለ ጉዳይ አይደለም። በሸሪዓው ስሌት ክርስቲያን የሆነ ልጅ ወራሽ አይደለም፤ ወራሽ ስላልሆነ ግን እስከ ሲሶ ድረስ ሊናዘዙለት፣ በሕይወት እያሉም ስጦታ ሊሰጡት ይቻላል።

ሚስት ነፍሰ ጡር ብትሆን ኖሮ ሒሳቡን የፅንሱን ነገር ሳያገናዝቡ መዝጋት አይቻልም ነበር። ወይ እስክትወልድ መጠበቅ፣ ወይ ለፅንሱ ቢያንስ የወንድ ልጅ ድርሻ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ስሌቱ

አሁን የሚስት 1/8፣ የእናት 1/6 አለን። ለሁለቱም ሳይሰበር የሚካፈለውን ትንሹን ቁጥር እንፈልጋለን፤ እሱም 24 ነው። ይህ የጉዳዩ አስል፣ መነሻ ቁጥር ይባላል። ከ24ቱ የሚስት 3፣ የእናት 4 ነው። የቀረው 17 የልጆቹ ነው።

ልጆቹን በሴት ድርሻ ቁጠሯቸው። ሁለት ወንዶች እያንዳንዳቸው እንደ ሁለት ስለሚቆጠሩ 4፣ ሦስት ሴቶች 3፣ በድምሩ 7 ይሆናሉ። 17 ለ7 እኩል አይካፈልም። በዚህ ጊዜ መነሻውን በ7 እናበዛለን፤ 24 ሲባዛ በ7 168 ይመጣል። ይህ ማስተካከያ ተስሂህ ይባላል። የሁሉም ድርሻ በ7 ይባዛል፦ የሚስት 21፣ የእናት 28፣ የልጆቹ 119። 119 ለ7 ሲካፈል 17 ነው። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት 17፣ እያንዳንዱ ወንድ 34 ያገኛል።

3,360,000 ብር ለ168 ሲካፈል የአንዷ እጅ ዋጋ 20,000 ብር ነው። ከዚያ ማባዛት ብቻ ነው፦

- ሚስት፣ 21 እጅ፦ 420,000 ብር
- እናት፣ 28 እጅ፦ 560,000 ብር
- እያንዳንዱ ወንድ ልጅ፣ 34 እጅ፦ 680,000 ብር
- እያንዳንዷ ሴት ልጅ፣ 17 እጅ፦ 340,000 ብር

ለማረጋገጥ ደምሩት፦ 420,000፣ 560,000፣ ለወንዶቹ 1,360,000፣ ለሴቶቹ 1,020,000። በትክክል 3,360,000 ይመጣል። ወንድ ልጅ ዐሰባ ሆኖ ባለበት ጉዳይ አንዲት ብር ብትተርፍ ወይም ብትጎድል ስህተት አለ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ዐሰባ የተረፈውን ሁሉ ይወስዳል።

በጣም የተለመደው ስህተት ድርሻዎቹን ተራ በተራ ከቀሪው ላይ መቁረጥ ነው። ለሚስት ስምንተኛውን ሰጥተው 2,940,000 ሲቀር፣ ለእናት “ስድስተኛ” ብለው ከዚህ ላይ ያሰላሉ። ያኔ እናት 490,000 ብር ይደርሳቸዋል፤ 70,000 ብር ተወሰደባቸው ማለት ነው። ፈርድ የሚሰላው ሁልጊዜ ከጠቅላላው ነው። ከቀሪው የሚያገኝ ዐሰባ ብቻ ነው። (አንድ የታወቀ ልዩ ጉዳይ አለ፦ ወራሾቹ ባል ወይም ሚስት፣ እናትና አባት ብቻ ሲሆኑ እናት የቀሪውን ሲሶ ትወስዳለች። እኛ ዘንድ ልጆች ስላሉ አይነሳም።)

ሌላው ፐርሰንት መጠቀም ነው። ስድስተኛ በፐርሰንት ሲጻፍ አያልቅም፤ 16.67 እየተባለ ሲጠጋጋ ትልቅ ንብረት ላይ የሚያጨቃጭቅ ብር ይፈጠራል። እስከ መጨረሻው በእጅ ቆጥራችሁ ወደ ብር የምትለውጡት አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን።

ቤቱን ምን እናድርገው?

ወረቀቱ ላይ ብር ነው የተጻፈው፤ በእጅ ያለው ግን ቤት፣ ጣቃ ጨርቅና የባንክ ደብተር ነው። ከ3,360,000ው ውስጥ 2,800,000 ቤቱ ነው። ከቀብር፣ ከዕዳና ከወሲያ ክፍያ በኋላ በጥሬ ገንዘብና በዕቃ የሚቀረው 560,000 ብር ብቻ ነው። ይህ ከእናት ድርሻ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ሁሉም ከተስማሙ እናት ድርሻቸውን በገንዘብና በዕቃ ተቀብለው ከቤቱ ሊወጡ ይችላሉ። ዱቤው ግን አስቀድሞ ተሰብስቦ ማለቅ አለበት። ያልተሰበሰበ ዱቤ ለአንድ ወራሽ “ያንቺ ድርሻ ይሄ ነው” ብሎ መስጠት ኪሳራውን በእሱ ላይ መጣል ነው።

እናት ሲወጡ ቤቱ በ140 እጅ ይያዛል፦ ሚስት 21፣ ወንዶቹ 34 34፣ ሴቶቹ 17 17። ከዚህ በኋላ ሦስት መንገድ አለ። አንዱ ወራሽ የሌሎቹን ይገዛል፤ ለምሳሌ የጅዳው ልጅ አቅም ካለው የእህቶቹን ድርሻ በወቅቱ ገበያ ዋጋ ይከፍላል። ወይም ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ይካፈላል። ወይም ተከራይቶ ኪራዩ በየወሩ በ140 እጁ ይከፋፈላል። ሚስቲቱ 4 ወር ከ10 ቀን ዒዳቸውን ቤታቸው ውስጥ ስለሚቆጥሩ፣ ሽያጩን ከዚያ በፊት ባያጣድፉት ጥሩ ነው።

አንዱ ልጅ ቤቱ ውስጥ እየኖረ ሌሎቹ ዝም ሲሉ ግን ነገሩ እየተበላሸ ነው። በተለይ ሴቶቹ። “ወንድሞቻችሁን ፍርድ ቤት አታቁሙ፣ ተዉላቸው” ተብለው በሽምግልና ይተዋሉ። ወራሽ ድርሻውን መተው ይችላል፤ በተመጣጣኝ ገንዘብ ተቀብሎ መውጣትም ይችላል፣ ይህ ተኻሩጅ ይባላል። የሚጸናው ግን ድርሻው ስንት እንደሆነ አውቆ፣ ሳይገደድ ሲሆን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ 17 እጅ 340,000 ብር መሆኑ ይነገራት፣ በስሟ ይጻፍ፤ ከዚያ ለወንድሟ መስጠት ከፈለገች ትስጥ። የ12 ዓመቱን ልጅ ድርሻ ግን ማንም አይተውለትም። እናቱም አይችሉም፣ ወንድሙም አይችልም።

ቤተሰቡ ትንሽ ቢለወጥ

ያው 3,360,000 ብር ይሁን፤ ወንድ ልጆቹ ግን አይኑሩ፣ የልጅ ልጆቹም እንደዚሁ። ሚስት፣ እናት፣ ሦስት ሴቶች ልጆችና ወንድም ብቻ አሉ እንበል። አሁን ሴቶቹ ባለ ፈርድ ይሆናሉ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ሁለት ሦስተኛ (2/3) ነው። ከ24 የሚስት 3፣ የእናት 4፣ የሴቶቹ 16፤ ድምሩ 23። አንድ ተረፈ። ያቺ አንድ ለወንድም ናት፤ ቅድም ታግዶ የነበረው አሁን 140,000 ብር ያገኛል። ወንድ ልጅ የሌለው ሰው ሲሞት “ወንድሙ ሁሉንም ይወስዳል” የሚሉ አሉ። እዚህ ያገኘው ከ24 አንዷን ነው።

አሁን ደግሞ የሟቹ አባት በሕይወት ቢኖሩስ? ወንድም በአባት ይታገዳል፤ አባት ስድስተኛ ያገኛሉ። 3፣ 4፣ 4 እና 16 ሲደመሩ 27 ይሆናሉ። ከ24 ላይ 27 እጅ መስጠት አይቻልም። በዚህ ጊዜ የማንም ድርሻ ተለይቶ አይቆረጥም፤ መነሻው ራሱ ወደ 27 ከፍ ይላል፣ ሁሉም በየልኩ ትንሽ ትንሽ ይቀነስበታል። ይህ ዐውል ይባላል። ሁለት ሴቶች ልጆች ባሉበት ተመሳሳይ ጉዳይ ዐሊይ (ረ.ዐ) ሚንበር ላይ ሳሉ ተጠይቀው “ስምንተኛዋ ዘጠነኛ ሆነ” ብለው ወዲያው እንደመለሱ ይነገራል። ጉዳዩም ከዚያ የተነሳ ሚንበሪያ ይባላል። እውነትም የሚስት 3 ከ27 አንድ ዘጠነኛ ነው፤ በእኛ ብር 420,000 የነበረው ወደ 373,333 ይወርዳል።

ክፍፍሉ ሲዘገይ

ወደ መጀመሪያው ቤተሰብ እንመለስ። ሐዘኑ ይብረድ፣ ልጁ ከጅዳ ይምጣ እየተባለ ሁለት ዓመት ሳይከፋፈል ቆየ፤ በመሀል የሟቹ እናት አረፉ። ልጆቹ “አያታችን ሞተዋልና ድርሻቸው ወደኛ ይመለሳል” ብለው ያስባሉ። አይመለስም። እናት ልጃቸው በሞቱበት ቅጽበት በሕይወት ስለነበሩ 560,000 ብሩ ያኔውኑ የእሳቸው ሆኗል። የእሳቸው ወራሽ ማነው? ባላቸው ቀድመው ሞተዋል፣ በሕይወት ያለ ልጃቸው ያ የታገደው ወንድም ብቻ ነው። የሟቹ ልጆች ለአያታቸው የልጅ ልጆች ስለሆኑ በአጎታቸው ይታገዳሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ሒሳብ ምንም ያልነበረው ሰው አሁን 28ቱን እጅ ሙሉ በሙሉ ይወስዳል፤ ቤቱ ካልተሸጠም የቤቱ ባለድርሻ ይሆናል። ይህ የተደራረበ ውርስ ሙናሰኻ ይባላል።

ሁለት ሞት የተደራረበበትን ንብረት እንደ አንድ ሞት ማስላት አይቻልም። ለእያንዳንዱ ሟች የሞተበትን ቀን ጻፉ፣ በዚያች ቀን በሕይወት የነበሩትን ብቻ ዘርዝሩ፣ የመጀመሪያውን ሒሳብ ጨርሱ፣ ከዚያ የሁለተኛውን ሟች እጅ ለብቻው እንደ አዲስ ተሪካ ያዙት፤ የራሱን ዕዳና ወሲያም መጀመሪያ አውጡ። በአያት ስም የቆየ፣ ሦስት ትውልድ ያልተከፋፈለ ቤት የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። አባትና ልጅ በአንድ የመኪና አደጋ ሞተው ማን እንደቀደመ ካልታወቀ ደግሞ፣ በብዙዎቹ ዑለማዎች ዘንድ አንዱ ከሌላው አይወርስም፤ የእያንዳንዳቸው ንብረት በሕይወት ላሉት ወራሾቻቸው ብቻ ይሄዳል።

ጉዳዩ የት ይታያል?

ወራሾች ከተስማሙ ቤታቸው ተቀምጠው በዐሊም ፊት መከፋፈል ይችላሉ። የቤት ስም ለማዞር፣ ከባንክ ገንዘብ ለማውጣትና የልጁን ድርሻ ለማስጠበቅ ግን የፍርድ ቤት ወረቀት ይጠየቃል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኙ ይፈቅዳል። በፌዴራል ደረጃ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የተጠናከሩት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ሲሆን፣ ሟቹ ሲሞት ሙስሊም ከነበረ የውርስ ጉዳይ በሥልጣናቸው ሥር ነው። እንደ አማራ ያሉ ክልሎችም የየራሳቸው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሏቸው።

ቁልፉ ቃል ፈቃድ ነው። ከወራሾቹ አንዷ “በመደበኛው ፍርድ ቤት ይታይልኝ” ካለች ጉዳዩ ወደዚያ ይሄዳል። ውጤቱም ይለያያል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ቀድሞ የሞተው ልጅ ልጆች አባታቸውን ተክተው ይገባሉ፤ ልጆች እያሉ የሟቹ እናት አትወርስም፤ ሚስትም ያለ ኑዛዜ ወራሽ አይደለችም፣ ከጋራ ሀብቱ ግን ግማሹ የእሷ ነው። በሁለቱ መንገዶች የሚጠቀመውና የሚጎዳው ሰው አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ስለዚህ መጥሪያ የደረሳችሁ ወራሾች ዝም አትበሉ፤ በፌዴራሉ አዋጅ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ እንደፈቀደ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል።

ስትሄዱ የሞት ማስረጃ፣ የኒካህ ወረቀት፣ የልጆቹን የልደት ወይም የዝምድና ማስረጃ፣ የንብረቱንና የዕዳውን ዝርዝር፣ ወሲያ ካለም ምስክሮቹን ይዛችሁ ቅረቡ። ለ12 ዓመቱ ልጅ ሞግዚት እንዲሾም በዚያው ጠይቁ። ሞግዚቱ እናቱ ከሆኑ እሳቸውም የቤቱ ባለድርሻ ስለሆኑ፣ የልጁን 34 እጅ ለራሳቸው እንዲገዙ ወይም ከሌሎቹ ጋር እንዲሸጡ ቃዲው ሳያይና ሳይፈቅድ ውል እንዳትፈርሙ፤ ገንዘቡም በልጁ ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ።